መስተዋድዱን የሚመርጠው ቃሉ ነው



በእንግሊዝኛ ፈተና ላይ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ዓይነት ጥያቄ አለ። ዓረፍተ ነገር ይሰጣችኋል፤ ከአንድ ቅጽል፣ ከአንድ ግስ ወይም ከአንድ ስም ቀጥሎ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ከሥሩ አራት መስተዋድዶች ይደረደራሉ፦ «ኦቭ»፣ «ፎር»፣ «ዊዝ»፣ «ባይ»። አራቱም ከታችኛው ክፍል ጀምሮ የምታውቋቸው ናቸው። እንዲህም ሆኖ ረጅሙን ምንባብ አንብቦ የሚረዳ፣ ድርሰት አሳምሮ የሚጽፍ ተማሪ እዚህ ላይ ነጥብ ይጥላል። ዛሬ የማወራችሁ ለምን እንደሚጥልና ምን ቢያደርግ እንደማይጥል ነው።

ሐሳቤን ከወዲሁ ላስቀምጠው። ከእነዚህ ቃላት በኋላ የሚመጣውን መስተዋድድ የምንመርጠው እኛ አይደለንም፤ ቃሉ ራሱ አስቀድሞ መርጦታል። ስለዚህ ቃሉንና መስተዋድዱን ጥንድ አድርጎ በቃሉ የያዘ ተማሪ፣ ደንብ ይዞ ከሚያሰላስለው ይቀድማል፤ ይበልጥ ትክክልም ይሆናል። ይህን በምሳሌ ላሳያችሁ።

ስለ አንድ ሥራ አስኪያጅ የተጻፉ ሦስት ጥያቄዎች ቀረቡላችሁ እንበል። በአማርኛ ሲነበቡ እንዲህ ናቸው፦ ሥራ አስኪያጁ ገንዘብ በማባከን ተወነጀለ። ሥራው በመዘግየቱ ተወቀሰ። በስርቆት ተከሰሰ። የእንግሊዝኛዎቹ ግሶች «አኪዩዝድ»፣ «ብሌምድ» እና «ቻርጅድ» ናቸው። ከሦስቱም ቀጥሎ ባዶ ቦታ አለ፤ የሦስቱም አማራጮች ቀደም ብዬ የጠራኋቸው አራቱ ናቸው።

አንዱ ተማሪ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል። በአማርኛው ሦስቱም ቦታ ላይ «በ» አለ፤ በማባከን፣ በመዘግየቱ፣ በስርቆት። «በ» ማለት «ባይ» ነው ብሎ ሦስቱንም «ባይ» ይላል፤ ሦስቱንም ይስታል። ሁለተኛው ተማሪ ደንብ ያውቃል። ግሱ በተደራጊ መልክ ሲመጣ ከኋላው «ባይ» ይከተላል ተብሎ ተምሯል። እሱም ሦስቱንም «ባይ» ይላል፤ እሱም ሦስቱንም ይስታል። የተማረው ደንብ ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን «ባይ» የሚያስተዋውቀው ድርጊቱን የፈጸመውን ነው። ኮሚቴው ወንጅሎት ከሆነ በኮሚቴው ስም ፊት ይገባል። እዚህ የተጠየቀው ግን የተወነጀለበት ነገር ነው። ሦስተኛው ተማሪ ትርጉም ይመረምራል። «ፎር» ምክንያትን ያመለክታል፣ ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች ምክንያት ይናገራሉ፣ ስለዚህ ሦስቱም «ፎር» ይሆናሉ ይላል። ከሦስቱ አንዱን ያገኛል።

ትክክለኛው መልስ «አኪዩዝድ ኦቭ»፣ «ብሌምድ ፎር»፣ «ቻርጅድ ዊዝ» ነው። ሦስት የሚቀራረቡ ግሶች ሦስት የተለያዩ መስተዋድዶች ይዘዋል። ጥንዶቹን የሚያውቅ አራተኛ ተማሪ ሦስቱንም መልሶ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይሄዳል። ፈተና አውጪው እነዚያን ሦስት የተሳሳቱ አማራጮች ሲያስቀምጥ በዘፈቀደ እንዳላስቀመጣቸውም ልብ በሉ። አንዱ አማራጭ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን የሚከተለውንም በግማሽ የተማረውን ደንብ የሚከተለውንም ይይዛል፣ ሌሎቹ የጎረቤቱን ቃል መስተዋድድ ያመጣውን። ሰው በማሰብ የሚደርስባቸው ስህተቶች ናቸው አማራጭ ሆነው የሚቀርቡት። በዚህ ዓይነት ጥያቄ ላይ ማሰላሰል የሚጎዳውም በዚህ ምክንያት ነው።

«ግን ምክንያት የለውም ወይ?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። አንዳንዴ አለው። «ቻርጅ» ከድሮ ፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ነው፤ የመጀመሪያ ትርጉሙ መጫን ነው። ጭነት ደግሞ በእንግሊዝኛ «ዊዝ» ይወስዳል። የተከሰሰ ሰው ክስ ተጭኖበታል ብላችሁ ብታስቡ «ዊዝ» ትርጉም ይሰጣችኋል። ይህን ማወቅ ጥንዱ በአእምሯችሁ እንዲሰነብት ይረዳል። ነገር ግን ምክንያቱ የገባችሁ መልሱን ከነገርኳችሁ በኋላ ነው። መልሱን ሳታውቁ ከምክንያቱ ተነስታችሁ ልትደርሱበት አትችሉም ነበር። እንዲያውም የቃል ታሪክ ወደ ተሳሳተ መልስ የሚመራበት ጊዜ አለ። «ዲፔንድ» የመጣው ከላቲን ነው፤ ትርጉሙም ከላይ ተንጠልጥሎ መውረድ ነው። ተንጠልጣይ ነገር የሚንጠለጠለው «ከ» አንድ ነገር ስለሆነ በታሪኩ ብንመራ «ፍሮም» እንላለን። እንግሊዝኛ ግን «ዲፔንድ ኦን» ይላል። ታሪኩ እውነት ነው፤ በፈተና ወረቀት ላይ ግን መልሱ ስህተት ይሆናል።

ትርጉምን መመሪያ ማድረግም አያዋጣም። አንድ ሰው አንድን ነገር እንደሚወድ የሚናገሩ ሦስት ቅጽሎችን ውሰዱ። «ፎንድ» የሚወስደው «ኦቭ» ነው፣ «ኪን» የሚወስደው «ኦን» ነው፣ «ኢንተረስትድ» የሚወስደው «ኢን» ነው። የሦስቱ ስሜት ይቀራረባል፤ መስተዋድዳቸው ግን አንድም የጋራ የለውም። «ሙሉ» የሚለውን ሐሳብ ተመልከቱ። ማሰሮው በውኃ የተሞላ ነው ስንል፣ ቅጽሉ «ፉል» ከሆነ «ኦቭ» ይከተላል፤ ከግሱ የወጣው «ፊልድ» ከሆነ ደግሞ «ዊዝ» ይከተላል። ማሰሮውም ውኃውም አልተለወጡም፤ የተለወጠው ቃሉ ብቻ ነው።

ምናልባት የቃል ዘመዳሞች አንድ መስተዋድድ ይጋሩ ይሆን? እሱንም እንፈትን። ኩራትን የሚናገረው ቤተሰብ ሦስት መልክ አለው። ቅጽሉ «ፕራውድ» ሲሆን «ኦቭ» ይከተለዋል። ስሙ «ፕራይድ» ሲሆን «ኢን» ይከተለዋል። ሰው በራሱ መኩራቱን የሚናገረው ግስ ደግሞ ያው «ፕራይድ» ነው፤ ነገር ግን «ኦን» ይወስዳል። አንድ ሥር፣ ሦስት መስተዋድድ። «ፕራውድ ኦቭ»ን አውቃለሁና «ፕራይድ ኦቭ» ይሆናል ብሎ የገመተ ተማሪ በፈተናው ይሳሳታል።

እዚህ ላይ ግን አንድ የሚጠቅም ሥርዓት አለ፤ ልከኛ ቦታውን እንስጠው። አንዳንድ ግሶች መስተዋድድ ሳይሹ ተሳቢያቸውን በቀጥታ ይወስዳሉ፤ ወደ ስም ሲለወጡ ግን መስተዋድድ ይፈልጋሉ። «ዲማንድ» ግስ ሲሆን ምንም አይከተለውም፤ ስም ሲሆን «ዲማንድ ፎር» ይባላል። «ላክ» ግስ ሲሆን ምንም የለውም፤ ስም ሲሆን «ላክ ኦቭ» ነው። ተጽዕኖ ማድረግን የሚናገረው «አፌክት» ምንም አይወስድም፤ ስሙ «ኢፌክት» ግን «ኦን» ይወስዳል። ሥርዓቱ የሚነግረን ከስሙ በኋላ መስተዋድድ እንደሚኖር ነው። የትኛው እንደሆነ ግን አይነግረንም፤ አንዱ «ፎር»፣ አንዱ «ኦቭ»፣ አንዱ «ኦን» ሆኖ መጥቷል። ደንቡ እስከ ባዶው ቦታ ያደርሰናል፤ ባዶውን ቦታ የሚሞላው ጥንዱ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቋንቋ እንምጣ፤ ምክንያቱም የእኛ ተማሪዎች ስህተት የሚወለደው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። አማርኛም እንደ እንግሊዝኛው መስተዋድዱን ከግሱ ጋር ያጣምራል። «ለወንድሙ አዘነ» ስንልና «በወንድሙ አዘነ» ስንል አንድ ግስ ነው የተጠቀምነው። በመጀመሪያው ወንድሙ የደረሰበት ችግር አሳዝኖታል፤ በሁለተኛው ወንድሙ ያደረገው ነገር ቅር አሰኝቶታል። «በአምላኩ አመነ» እንላለን፤ «ለጌታው ታመነ» እንላለን። ከመካከላችን ይህን ከደንብ ተነሥቶ የተማረ የለም፤ ከቤት ከግሱ ጋር አብሮ ሰማነው፣ አብሮ ገባን። የእንግሊዝ ልጅም «ዲፔንድ ኦን»ን ያገኘው በዚሁ መንገድ ነው። እኛ ያን ሁሉ ዓመት በእንግሊዝኛ ቤት ስላልኖርን የጎደለንን መስማት በቃል ጥናት እናካክሳለን።

አማርኛ የሚረዳበት ቦታ አለ። «ከ...የተለየ» እንላለን፤ እንግሊዝኛውም «ዲፈረንት ፍሮም» ነው። «ለ...ተጠያቂ» እንላለን፤ እንግሊዝኛውም «ሪስፖንሲብል ፎር» ነው። እነዚህን በአንድ ንባብ መያዝ ይቻላል። ጉልበታችሁን የምታፈሱት አማርኛው ወደ ሌላ አቅጣጫ በሚጎትትበት ላይ ነው። እኛ «ከ...ጋር ተመሳሳይ» ስለምንል ተማሪዎቻችን «ሲሚላር ዊዝ» ይጽፋሉ፤ ትክክሉ «ሲሚላር ቱ» ነው። «ከ...ጋር ተጋባ» ስለምንል «ማሪድ ዊዝ» ይላሉ፤ ትክክሉ «ማሪድ ቱ» ነው። «ከቡና ሻይ እመርጣለሁ» ስለምንል ከ«ፕሪፈር» ቀጥሎ «ፍሮም» ወይም «ዛን» ያስገባሉ፤ ትክክሉ «ቱ» ነው። «በሒሳብ ጎበዝ» ስለምንል «ጉድ ኢን» ይላሉ፤ ትክክሉ «ጉድ አት» ነው።

ከሁሉ የሚጠነክረው ግን መስተዋድድ የሌለበት ቦታ ነው። በአማርኛ «ስለ ጉዳዩ ተወያዩ» ወይም «በጉዳዩ ላይ ተወያዩ» እንላለን። ያለ «ስለ» እና ያለ «ላይ» ዓረፍተ ነገሩ የጎደለ ይመስለናል። ስለዚህ «ዲስከስ አባውት»፣ «ዲስከስ ኦን» የሚል ጽሑፍ በየስብሰባው ቃለ ጉባኤ ላይ ታገኛላችሁ። «ዲስከስ» ግን ምንም አይወስድም፤ ጉዳዩ ቀጥሎ ይመጣል። «ኢንተር» ሲሆን ክፍሉ ቀጥሎ ይመጣል፣ «ሪች» ሲሆን ከተማው ቀጥሎ ይመጣል፣ «ኤምፋሳይዝ» ሲሆን ነጥቡ ቀጥሎ ይመጣል። በፈተና ይህ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ስህተት በማውጣት ጥያቄ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ላይ አራት ቦታ ተሰምሮ ስህተቱን ለዩ ይባላል። ተማሪው የተሳሳተ ቃል ሲፈልግ የተረፈውን ቃል ያልፈዋል። ስለዚህ «ዲስከስ»ን ስትጽፉ ከጎኑ «ምንም» ብላችሁ ጻፉ፤ ምንም አለመውሰዱም የሚጠና ጥንድ ነው።

ቃሉን ከአጃቢው ጋር አንድ አድርጎ ማስተማር ዛሬ የተፈጠረ ሐሳብ አይደለም። ሃሮልድ ፓልመር የሚባል እንግሊዛዊ የቋንቋ መምህር በ1922 እ.ኤ.አ. ወደ ጃፓን ሄዶ በዚያ ሲሠራ፣ ተማሪዎች የሚቸገሩት በነጠላ ቃላት ሳይሆን አብረው በሚሄዱ ቃላት መሆኑን አይቶ፣ በ1933 እ.ኤ.አ. እነዚህን ጥምረቶች የዘረዘረ ሰፊ ሪፖርት አሳተመ። እዚያው ጃፓን አብሮት የሠራው ሆርንቢ ደግሞ ቃሉ በምን ዓይነት ዓረፍተ ነገር እንደሚገባ የሚያሳይ መዝገበ ቃላት አዘጋጀ፤ በ1942 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ ታትሞ ኋላ በኦክስፎርድ ማተሚያ ቤት እጅ ገባ። ብዙዎቻችን በየቤታችን ያለን የኦክስፎርድ የተማሪ መዝገበ ቃላት የዘር ሐረጉ ከዚያ ነው። ያን መጽሐፍ ክፈቱና «አኪዩዝ» የሚለውን ፈልጉ፤ ከትርጉሙ ጎን «ኦቭ» ተጽፎ ታገኛላችሁ። አዘጋጆቹ ይህን ለእያንዳንዱ ቃል የጻፉት በአንድ ደንብ መጠቅለል ስላልተቻለ ነው።

አሁን ጥንዱን እንዴት እንደምታጠኑት ልንገራችሁ። በመጀመሪያ ጥንዱን ባዶውን አትጻፉት፤ ከኋላው የሚመጣውንም ጨምሩበት። «አኪዩዝ ኦቭ» ብቻ ሳይሆን «አንድን ሰው አኪዩዝ ኦቭ ዱዊንግ አንድ ነገር» ብላችሁ ጻፉ። ሰውየው በመካከል እንደሚገባ፣ ከ«ኦቭ» በኋላ የሚመጣው ግስ «አይኤንጂ» ይዞ እንደሚመጣ አብሮ ይያዛል። ከዚያ ከራሳችሁ ሕይወት አጭር ዓረፍተ ነገር ሥሩበት። አጎታችሁን፣ ሰፈራችሁን፣ ቡድናችሁን አስገቡበት፤ ዓረፍተ ነገሩ የምታውቁትን ሰው ሲናገር አይጠፋም።

ቀጥሎ ጮክ ብላችሁ በሉት። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሲናገር እነዚህ መስተዋድዶች ይደክማሉ፤ «ኦቭ» ወደ አጭር «አቭ» ይቀየራል፣ አንዳንዴ ከነጭራሹ የሚሰማ አይመስልም። ፊልም እያዩ መስተዋድድ በጆሮ መልቀም የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። ስለዚህ እናንተ ስታጠኑ ቃሉንና መስተዋድዱን ሳታቋርጡ በአንድ ትንፋሽ በሉ፤ «ኬፓብሎቭ»፣ «ዲፔንዶን» እስኪመስል ድረስ።

ሦስተኛው ብዙ ተማሪ የሚስተው ነው። መጻሕፍት ብዙ ጊዜ «ኦቭ» የሚወስዱትን በአንድ ገጽ፣ «ፎር» የሚወስዱትን በሌላ ገጽ ይደረድራሉ። ለመጻፍ ይመቻል፤ ራስን ለመፈተን ግን አይሆንም። የ«ኦቭ»ን ገጽ ይዛችሁ ራሳችሁን ብትጠይቁ መልሱ ሁሌም «ኦቭ» ነው፤ ምንም አላስታወሳችሁም። ካርዶቹን ደባልቁ። ከፊት ቃሉን ከነባዶ ቦታው፣ ከጀርባ መስተዋድዱን ጻፉ። በተለይ የሚቀራረቡትን አብራችሁ አስቀምጡ፤ «ፎንድ» ከ«ኪን» ጋር፣ «ኤብል» ከ«ኬፓብል» ጋር ይሁኑ። የሳታችሁትን በማግሥቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላና ከሳምንት በኋላ መልሳችሁ ጠይቁ። በቀን አምስት ጥንድ፣ በሳምንት አምስት ቀን ብትይዙ በስድስት ሳምንት 150 ጥንድ ይሆናል፤ በፈተና ለሚመላለሱት ይህ ጥሩ መሠረት ነው።

ፍጥነቱን ደግሞ በሰዓት አስቡት። ቶፍል አይቲፒ በሚባለው ፈተና የሰዋስው ክፍል 40 ጥያቄ በ25 ደቂቃ ይመለሳል፤ ለአንዱ ጥያቄ 40 ሰከንድ አይሞላም። ደንብ ለማስታወስ፣ ደንቡ እዚህ ይሠራ እንደሆነ ለመመዘን፣ ከዚያ አራት አማራጭ ለማወዳደር ይህ ጊዜ አይበቃም። የታወቀ ጥንድ ግን ወዲያው ይመጣል፤ የተረፈው ጊዜ በእውነት ማሰብ ለሚጠይቀው ጥያቄ ይውላል።

ጥንድ የማይበቃበት ቦታ መኖሩን ግን መደበቅ አልፈልግም፤ ሦስት ናቸው። አንደኛው፣ አንድ ቃል ከኋላው እንደሚመጣው ነገር መስተዋድዱን የሚለውጥበት ነው። «አግሪ» ከሰው ጋር መስማማት ሲሆን «ዊዝ»፣ የቀረበን ሐሳብ መቀበል ሲሆን «ቱ»፣ ተወያይቶ በአንድ ነገር ላይ መወሰን ሲሆን «ኦን» ይወስዳል። «አፖሎጃይዝ» ይቅርታ ለሚጠየቀው ሰው «ቱ»፣ ለጥፋቱ «ፎር» ይወስዳል። እነዚህን በአንድ ካርድ ላይ ከነተከታያቸው ጻፏቸው።

ሁለተኛው፣ ባዶው ቦታ የቃሉ ያልሆነበት ነው። «በስብሰባው መጨረሻ ላይ ይቅርታ ጠየቀ» የሚል የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር መጣ እንበል፤ ባዶው ቦታ ከ«አፖሎጃይዝድ» ቀጥሎ ነው፤ ከባዶው በኋላ ያለው «የስብሰባው መጨረሻ» ነው። ጥንዱን ብቻ ያየ ተማሪ «ፎር» ይላል። ነገር ግን የስብሰባው መጨረሻ ይቅርታ የሚጠየቅበት ጥፋት አይደለም፤ ጊዜ ነው፤ መልሱ «አት» ነው። ስለዚህ ከባዶው በፊት ያለውን ካያችሁ በኋላ ከባዶው በኋላ ያለውንም ተመልከቱና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ነገር ቃሉ የሚሻው ነው ወይስ ጊዜና ቦታ ብቻ? ጊዜና ቦታ ከሆነ ደንብ ይሠራል፤ በዓመተ ምሕረት «ኢን»፣ በቀን «ኦን»፣ በሰዓት «አት» እያላችሁ የተማራችሁት ትክክል ነው።

ሦስተኛው «ቱ» ነው። «ቱ» አንዳንዴ መስተዋድድ ነው፣ አንዳንዴ የግስ ምልክት ነው። ናፍቆ መጠበቅን በሚናገረው «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ውስጥ መስተዋድድ ነው፤ ስለዚህ ከኋላው የሚመጣው ግስ «አይኤንጂ» ይይዛል። ለማረጋገጥ በግሱ ቦታ ስም አስገቡ። «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ዘ ሆሊዴይ» ይባላል፤ ስም ከገባ መስተዋድድ ነው። ከመስተዋድድ በኋላ ግስ «አይኤንጂ» ይይዛል የሚለው ደንብ ልትተማመኑበት የምትችሉት ነው፤ ከየትኛውም ጥንድ ጋር ይሠራል።

መምህራን ሆይ፣ ለእናንተ አንድ ነገር ልጨምር። ተማሪው «ሲሚላር ዊዝ» ብሎ ሲጽፍ «ዊዝ»ን ብቻ ቀይ አድርጋችሁ አትለፉ። ሙሉውን «ሲሚላር ቱ» ከዳር ጻፉለት፤ ሁለት ቃል አንድ ሆኖ ይታየው። አዲስ ቃል በሰሌዳ ላይ ስትጽፉም መስተዋድዱን ከመጀመሪያው ቀን ጨምሩ። «ዲፔንድ» ብቻውን ከተጻፈ በኋላ «ኦን»ን በሌላ ሳምንት ማምጣት ተማሪው በመሃሉ የራሱን ግምት እንዲሞላበት ዕድል መስጠት ነው፤ ያን ግምት መንቀል ደግሞ መጀመሪያ ከማስተማር ይበልጥ ይከብዳል።

ተማሪዎች፣ ነገ ያለፈ ዓመት ፈተና አንሡ። መስተዋድድ የሚጠይቁትን ጥያቄዎች ለዩ። በእያንዳንዳቸው መስተዋድዱን የጠራውን ቃል አስምሩበት፤ አንዳንዴ ከባዶው አጠገብ ነው፣ አንዳንዴ ራቅ ብሎ ነው። የሳታችሁትን ሁሉ ሙሉ ጥንድ አድርጋችሁ ካርድ ላይ ጻፉት፣ አማርኛው የጎተታችሁ ከሆነ አጠገቡ ምልክት አድርጉበት። ምልክት ያለባቸውን ቀድማችሁ ያዙ፤ በፈተናው ቀን አሳሳች አማራጭ ሆነው የሚጠብቋችሁ በአብዛኛው እነሱ ናቸውና።